አምፖሉ ስለበራ ሥራው ተመዝኗል አይባልም

በኤሌክትሪክ ኢንስታሌሽን ሥልጠና አንድን አምፖል ከሁለት ቦታ ማብራትና ማጥፋት ሠልጣኞች ሁሉ የሚያልፉበት የወርክሾፕ ሥራ ነው። የፎቅ ደረጃና የረዥም ኮሪደር መብራት የሚዘረጋው በዚህ መንገድ ነው፤ ከታች አብርቶ የወጣ ሰው ከላይ ያጠፋዋል። ሥራው ትንሽ ስለሆነ ምዘናውም ቀላል ይመስላል። መዛኙ ወደ ሰሌዳው ይቀርብና አንዱን ስዊች ይጫናል፤ አምፖሉ ይበራል። ሌላውን ይጫናል፤ ይጠፋል። ነጥቡ ይሰጣል፣ ሠልጣኙም ይሄዳል። ችግሩ ይህ ፍተሻ ትክክለኛውን ሰሌዳ ሰው ሊገድል ከሚችለው ሰሌዳ የማይለይ መሆኑ ነው። ሁለቱም ይበራሉ፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የምዘና ዝርዝር፣ በተለምዶ ቼክሊስት የምንለውን፣ ሲያዘጋጁ መነሻዎ «ሥራው ሲያልቅ ምን ይመስላል?» የሚል ጥያቄ ሊሆን አይገባም። መነሻው «ይህ ሥራ በምን በምን መንገድ ይበላሻል? ብልሽቱስ መቼና በምን ይታያል?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ ጥያቄ የሚወጡ ናቸው።

መጀመሪያ ሥራውን ራሱን በጽሑፍ ይወስኑ። ሥራው በደንብ ሳይወሰን የተጻፈ ዝርዝር ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የተለየ ፈተና ይሆናል። ለምሳሌ እንዲህ ብለው ሊጽፉ ይችላሉ፦ ሠልጣኙ በተሰጠው የዑደት ሥዕል መሠረት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ከ10 አምፔር ብሬከር የሚነሳ፣ በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የተዘረጋ፣ ሁለት ባለ ሁለት አቅጣጫ ስዊቾች፣ አንድ ጀንክሽን ቦክስና አንድ የብረት አካል ያለው የመብራት መያዣ የያዘ የ220 ቮልት ዑደት ይሠራል፤ ራሱ ይፈትሻል፤ ከዚያ ኃይል እንዲሰጠው ይጠይቃል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሐረጎች የተጨመሩት ያለምክንያት አይደለም። ፍተሻው የሥራው አካል ተብሎ ካልተጻፈ ሠልጣኙ ሽቦውን ማገናኘት ሲጨርስ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ፍተሻውም የመዛኙ ኃላፊነት ሆኖ ይቀራል። ዕቃውንም ቆጥረው አያስረክቡት። በጠረጴዛው ላይ ተራ ባለ አንድ አቅጣጫ ስዊችም ይኑር፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦም ይኑር። ትክክለኛውን ዕቃ ለይቶ ማንሳት ክህሎት ነውና ዝርዝርዎ ውስጥ አንድ መስመር ይገባዋል።

ቀጥሎ ሥራውን በራስዎ እጅ ይሥሩትና ሆን ብለው ያበላሹት። ከጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ብቻ የተዘጋጀ ዝርዝር «ትክክለኛ መሣሪያ ተጠቅሟል»፣ «ንጽሕናውን ጠብቋል» በሚሉ ለየትኛውም ሥራ በሚሆኑ መስመሮች ይሞላል። የሙያ ደረጃ ሰነዱም ብቻውን አያድንዎትም። በሰነዱ ውስጥ ያሉት የአፈጻጸም መስፈርቶች ለብዙ ዓይነት ሥራ እንዲያገለግሉ ሆነው የተጻፉ ናቸው፤ ወደዚህኛው ሰሌዳ አውርዶ መዘርዘር የእርስዎ ሥራ ነው። ለዚህ ዑደት ሁለቱ ዋና ብልሽቶች በደንብ ሊታዩ ይገባል፤ ሁለቱም የሚያልፉት አምፖሉን ብቻ በሚያይ መዛኝ ፊት ነውና።

የመጀመሪያው ስዊቾቹ በፌዙ መንገድ ላይ መቀመጥ ሲገባቸው በኒውትራሉ መንገድ ላይ ሲገቡ ነው። ዑደቱ የትም ቦታ ቢቋረጥ አምፖሉ ስለሚጠፋ፣ ከሁለቱም ስዊቾች በሁሉም አቀማመጥ የሚታየው ነገር ልክ ነው። ነገር ግን መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ፌዙ በቀጥታ እስከ አምፖሉ መያዣ ደርሶ ቆሟል። «ስዊቹን አጥፍቻለሁ» ብሎ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ የወጣ ሰው የሚነካው 220 ቮልት ያለበትን ብረት ነው። ሁለተኛው ብልሽት በአንደኛው ስዊች ላይ የኮመን ተርሚናሉ ሲሳሳት ነው። ከብሬከር የመጣው ፌዝ ኮመን ላይ መታሰር ሲገባው ከሌሎቹ ሁለት ተርሚናሎች በአንዱ ይታሰራል፤ በሁለቱ ስዊቾች መካከል ከሚሄዱት ሽቦዎች አንዱ ደግሞ ኮመኑን ይይዛል። ይህ ዑደት ሙሉ በሙሉ አይሞትም። የመጀመሪያው ስዊች በአንድ አቀማመጥ ላይ እያለ ሁለተኛው ስዊች እንደሚገባው ያበራል፣ ያጠፋል። የመጀመሪያው ወደ ሌላኛው አቀማመጥ ሲዞር ግን ሁለተኛውን የቱንም ያህል ቢጫኑት አምፖሉ አይበራም።

እዚህ ላይ ቆጠራው ያስፈልጋል። ሁለት ስዊቾች አራት የአቀማመጥ ጥምረት አላቸው። በትክክለኛው ዑደት ከአራቱ በሁለቱ አምፖሉ ይበራል፣ በሁለቱ ይጠፋል። ኮመኑ በተሳሳተበት ዑደት በአንዱ ብቻ ይበራል፣ በሦስቱ ይጠፋል። በሌላ አነጋገር ከአራቱ ጥምረቶች ሦስቱ የሚሰጡት ውጤት ከትክክለኛው ጋር አንድ ነው። አሁን መዛኙ አምፖሉ በርቶ ሳለ ይጀምር እንበል። ሁለተኛውን ስዊች ሲጫን ይጠፋል፤ መልሶ ሲጫነው ይበራል። የመጀመሪያውን ሲጫን ይጠፋል፤ መልሶ ሲጫነው ይበራል። አራት ጊዜ ተጭኖ አራቱንም ጊዜ ትክክለኛ ምላሽ አግኝቷል፤ ሰሌዳው ግን የተበላሸ ነው። ያላየው አንድ ጥምረት ሁለቱም ስዊቾች ከመነሻ አቀማመጣቸው የዞሩበት ነው። ስለዚህ በዝርዝርዎ ላይ «መብራቱ ከሁለቱም ቦታ ይሠራል» ብለው አይጻፉ። «ሁለቱን ስዊቾች በየተራ፣ አንዱን አንድ ጊዜ፣ ሌላውን አንድ ጊዜ እየተጫኑ አራት ጊዜ ሲቀያይሩ በእያንዳንዱ መጫን የአምፖሉ ሁኔታ ይለወጣል» ብለው ይጻፉ። የጽሑፉ ርዝመት ቅር አይበልዎ፤ ሁለት መዛኞች አንድ ዓይነት ነገር እንዲያደርጉ የሚያስገድደው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ብልሽት፣ ማለትም በኒውትራል ላይ የገባው ስዊች፣ በመጫን ፈጽሞ አይገኝም፤ በመለካት ነው የሚገኘው። ኃይል ከመሰጠቱ በፊት፣ አምፖሉ ከመያዣው ወጥቶና የብሬከሩ መግቢያ ከምንጩ ተለይቶ፣ ሠልጣኙ መልቲሜትሩን በድምፅ መፈተሻው ላይ አድርጎ ከኒውትራል መነሻው እስከ አምፖሉ መያዣ ኒውትራል ተርሚናል ይለካል። ስዊቾቹ በየትኛውም አቀማመጥ ቢሆኑ መሣሪያው መጮህ አለበት። ከዚያ ብሬከሩን ወደ ማብሪያው ቦታ አድርጎ ከፌዝ መነሻው እስከ መያዣው ፌዝ ተርሚናል ይለካል፤ ይህኛው ከአራቱ ጥምረቶች በሁለቱ ብቻ ይጮኻል። ፌዙ በአራቱም ከጮኸ ኒውትራሉም በሁለቱ ብቻ ከጮኸ ስዊቾቹ በተሳሳተው መስመር ላይ ናቸው። ልብ ይበሉ፦ ይኸው አንድ ልኬት የኮመኑንም ስሕተት ያወጣዋል፤ በዚያ ጊዜ ፌዙ የሚጮኸው በአንድ ጥምረት ብቻ ነውና። ሁለት ገዳይ ወይም አሳሳች ብልሽቶችን ያለ ኃይል የሚያጋልጥ ልኬት በዝርዝሩ ውስጥ ከሁሉ የላቀ ቦታ ይገባዋል። አጠገቡ ሌላ መስመር ይጨመርለት፦ አምፖሉ ጠመዝማዛ አንገት ያለው ከሆነ ፌዙ መሐለኛው መነካኪያ ላይ እንጂ በዙሪያው ባለው ጥምዝ ብረት ላይ መታሰር የለበትም። አምፖሉን ሲያጠብቅ የሰው ጣት ሊደርስበት የሚችለው ጥምዙ ነው።

ብልሽቶቹን ከዘረዘሩ በኋላ እያንዳንዱን «መቼ ይታያል?» ብለው ይጠይቁ። አንዳንዱ ማስረጃ ሥራው ካለቀም በኋላ በሰሌዳው ላይ ይቆያል፤ አንዳንዱ ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ታይቶ ይጠፋል። የሽቦው ቀለም፣ የቱቦው አቀማመጥ፣ የኧርዝ ሽቦው ከብረቱ አካል ጋር መታሰሩ ይቆያሉ፤ ከምሳ በኋላም ሊያዩአቸው ይችላሉ። ሠልጣኙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ምንጩ መጥፋቱን ማረጋገጡ ግን አይቆይም። ያንን በትክክል የሚሠራ ሠልጣኝ መፈተሻ መሣሪያውን በመጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚያውቀው ቦታ ይሞክራል፣ ከዚያ ሊሠራበት ያለውን ቦታ ይፈትሻል፣ በመጨረሻም መሣሪያው በመካከሉ አለመበላሸቱን ለማወቅ ተመልሶ በሕያው ምንጭ ላይ ይሞክረዋል። ሦስቱን ደረጃዎች ያደረገና ያላደረገ ሠልጣኝ የሠሩት ሰሌዳ አንድ ዓይነት ነው። በመሐል ያለ ሦስተኛ ዓይነት ማስረጃም አለ፤ ክዳን ሲከደን የሚሸፈነው። በተርሚናሉ ብሎን ስር የሽቦው ልባስ አብሮ ተጨፍልቆ ከሆነ፣ ወይም መዳቡ ከተርሚናሉ ውጭ ተራቁቶ ከሆነ፣ የስዊቹ ክዳን ከተገጠመ በኋላ ማንም አያየውም። ልባሱ ላይ የታሰረ ሽቦ ዛሬ ይሠራል፤ ከጊዜ በኋላ ግን መነካኪያው እየላላ ይግላል።

ከዚህ የሚከተለው ዝርዝሩን በርዕስ ሳይሆን በሥራው ቅደም ተከተልና በማቆሚያ ቦታዎች መከፋፈል ነው። ለዚህ ሥራ ሦስት ማቆሚያ ይበቃል። የመጀመሪያው ሠልጣኙ ሰሌዳውን ከመንካቱ በፊት ምንጩ መጥፋቱን ሲያረጋግጥ ነው። ሁለተኛው ሽቦው ሁሉ ታስሮ ክዳን ሳይከደን ነው፤ እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ ቀስ ተብሎ ሲጎተት ከተርሚናሉ እንደማይወጣ የሚታየው እዚህ ነው። ሦስተኛው ኃይል ከመሰጠቱ በፊት ሠልጣኙ ልኬቱን ራሱ ሲያደርግ ነው። በየማቆሚያው ሠልጣኙ እጁን አንሥቶ እርስዎን ይጠራል፤ ሳይጠራ ቢያልፍ ክዳኑ እንደገና ይከፈታል።

ለመስመሮቹ አጻጻፍ አንድ መፈተኛ ይያዙ፦ መስመሩን ያነበበ ሌላ አሠልጣኝ እርስዎን ሳይጠይቅ «አዎ» ወይም «አይደለም» ማለት ይችላል? «ሽቦውን በጥንቃቄ ልጧል» የሚለው ይህን አያልፍም፤ ጥንቃቄ በዓይን አይታይም። «ከተርሚናሉ ውጭ የተራቆተ መዳብ አይታይም፤ የሽቦው ክሮች አልተቆረጡም» የሚለውን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ሁለቱም ይታያሉ፣ ግን በአንድ መስመር ታጭቀዋል። አንዱ ተሟልቶ ሌላው ካልተሟላ መዛኙ የቱን ምልክት ያደርጋል? ሁለት መስመር ያድርጓቸው። ልኬት ባለበት መስመር ላይ ደግሞ የምልክት ሳጥን ብቻ አይተዉ፤ የተነበበውን ቁጥር የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ይኑር። የኢንሱሌሽን ልኬት ጥሩ ምሳሌ ነው። አምፖሉ ወጥቶ በሜገር 500 ቮልት ሲለካ በፌዝና በኧርዝ፣ በኒውትራልና በኧርዝ እንዲሁም በፌዝና በኒውትራል መካከል ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መነበብ አለበት። በአዲስ አጭር ዑደት ላይ የሚነበበው ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ 2 ሜጋ ኦም የተጻፈበት ወረቀት ዝቅተኛውን ወሰን ቢያልፍም «የሆነ ቦታ የተጎዳ ልባስ ወይም እርጥበት አለ» ብሎ ይናገራል። ምልክት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ይጠፋ ነበር። በዚህ ልኬት ጊዜ ስዊቾቹ ሳይነኩ ከቆዩ በመካከላቸው ካሉት ሁለት ሽቦዎች ቢያንስ አንዱ ሳይለካ ይቀራል፤ ስለዚህ «ስዊቾቹን እያዟዟረ ለክቷል» የሚል መስመር ለብቻው ያስፈልጋል።

አሁን ብዙ ክርክር ወደሚነሳበት ወደ ነጥብ አሰጣጡ እንምጣ። 20 መስመር ያለው፣ ለእያንዳንዱ 5 ነጥብ የሚሰጥ ዝርዝር አለዎት እንበል። ስዊቾቹን በኒውትራል ላይ ያስገባ ሠልጣኝ ሌላውን ሁሉ አሳምሮ ከሠራ 95 ከ100 ያገኛል፤ ቱቦው የተጣመመበትና ጠረጴዛውን ያልጠረገ ሠልጣኝ 90 ያገኛል። ወረቀቱ የመጀመሪያው ይሻላል ይላል። ይህ የመደመር ስሕተት ነው፤ የጽዳት ነጥብ የፌዝን ስሕተት ሊያካክስ አይችልም። ስለዚህ ጥቂት መስመሮችን ወሳኝ ብለው ይለዩአቸው፤ ከእነሱ አንዱ ካልተሟላ የሌሎቹ ድምር አይታይም። ለዚህ ሥራ አራት እመርጣለሁ፦ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የምንጩን መጥፋት ማረጋገጥ፣ ስዊቾቹ በፌዝ መስመር ላይ መሆናቸው፣ ኧርዙ ከመብራቱ ብረት አካል ጋር ያለ መቋረጥ መያያዙ፣ ኃይል ከመሰጠቱ በፊት ልኬቱ መደረጉ። ከዚህ ብዙ አይጨምሩ። ሁሉም መስመር ወሳኝ ሲሆን ሁሉንም የሚያሟላ ስለማይገኝ መዛኞች ዝም ብለው ማለፍ ይጀምራሉ፤ ያኔ ወሳኝ የሚባለው ነገር ይጠፋል። የሙያ ብቃት ምዘናው ራሱ ተመዛኙን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ብሎ ነው የሚለየው፤ በወርክሾፕ ውስጥ በመቶኛ ብቻ ሲመዘን የከረመ ሠልጣኝ ለዚያ አልተዘጋጀም።

«ይህ ጭካኔ ነው፤ ለወራት የለፋ ሠልጣኝ በአንዲት ሽቦ ይወድቃል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ተገቢ የሚሆነው ወሳኝ መስመር ማለት የመጨረሻ ፍርድ ማለት ሲሆን ነው። እንዲያ መሆን የለበትም። በዝርዝሩ ላይ ሁለት ነገር አስቀድመው ይጻፉ። አንደኛ፣ ሠልጣኙ ስሕተቱን በራሱ ልኬት አግኝቶ ኃይል ከመጠየቁ በፊት ካረመው መስመሩ እንደተሟላ ይቆጠራል። ሽቦ ማሳሳት በነባር ባለሙያ ላይም ይደርሳል፤ ልዩነቱ ባለሙያው ፈትሾ የሚያገኘው መሆኑ ነው፤ የምንመዝነውም እሱን ነው። ሁለተኛ፣ ስሕተቱን ያገኙት እርስዎ ከሆኑ ኃይል አይሰጥም፣ ምዘናው ይቆማል፣ ሠልጣኙ ያንን ክፍል ተለማምዶ በሌላ ቀን ሥራውን በድጋሚ ይሠራል። በዚህ አኳኋን ሠልጣኙ የሚያጣው ጊዜ እንጂ ዕድል አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ የቁጥር ነው፤ ሠላሳ ሠልጣኝና አንድ አሠልጣኝ ባለበት ወርክሾፕ ማን ማንን እያየ ይመዝናል? እውነተኛ ችግር ነው፤ የሚያባብሰው ግን ሁሉንም ነገር በዓይን እከታተላለሁ የሚል ዝርዝር ነው። ማስረጃው የሚጠፋውንና የሚቆየውን ቀደም ብለን የለየነው ለዚህም ይጠቅማል። እርስዎ ቆመው ማየት የሚገባዎ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ማቆሚያ ብቻ ነው፤ ሁለቱም አጭር ጊዜ ይወስዳሉ። ክዳኑ ተከፍቶ የሚቆየው ሰሌዳ ተራውን መጠበቅ ይችላል። አምስት አምስት ሠልጣኞችን እያደረጉ አጀማመራቸውን ትንሽ ትንሽ ቢያራርቁት ማቆሚያዎቹ አይደራረቡም። የቀሩት ሠልጣኞች በዚያ ሰዓት የዑደት ሥዕል ማንበብ ወይም ሆን ተብሎ የተበላሸ ሰሌዳ ላይ ብልሽት ፍለጋ ይሥሩ። የመጀመሪያው ማቆሚያ ሳይታይ ከቀረ ግን በግምት አይሙሉት፤ «አልታየም» ብለው ይጻፉና በሌላ ሰዓት ያሠሩት።

ዝርዝሩን ለሠልጣኞች አስቀድሞ መስጠት ፈተና ማሾለክ ነው የሚሉም አሉ። ጥያቄና መልስ በሆነ የጽሑፍ ፈተና ላይ ልክ ናቸው። እዚህ ግን «ስዊቹ በፌዝ መስመር ላይ ይሁን» የሚለውን ማወቅ ሽቦውን በፌዙ መስመር ላይ አያስገባም። ዝርዝሩን ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምሮ በግድግዳው ላይ ይለጥፉት፤ በምዘናው ቀን የሚቀይሩት የሰሌዳውን አቀማመጥ ነው። በግራ የነበረውን ብሬከር በቀኝ ያድርጉት፣ የጀንክሽን ቦክሱን ቦታ ያዛውሩ፣ የተርሚናሎቹ አቀማመጥ የተለየ የሌላ አምራች ስዊች ያቅርቡ። ሥዕሉን በቃሉ የያዘ ሠልጣኝ ኮመኑን በለመደው ቦታ ይፈልጋል፤ የገባው ግን መልቲሜትር አንሥቶ ይለየዋል።

ዝርዝሩ በሠልጣኝ ላይ ከመዋሉ በፊት ራሱ ይመዘን። ሦስት ሰሌዳ ያዘጋጁ፦ አንዱ ትክክለኛ፣ አንዱ ስዊቾቹ በኒውትራል ላይ ያሉበት፣ አንዱ ኮመኑ የተሳሳተ። ሁለት የሥራ ባልደረቦችዎ ለየብቻ፣ ሳይነጋገሩ፣ በዝርዝሩ ብቻ ይመዝኗቸው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገው መስመር በመስመር ያነጻጽሩ። ሁለቱ የተለያዩበት መስመር አጻጻፉ ላልቷልና እንደገና ይጻፍ። ሁለቱም የተበላሸውን ሰሌዳ ካሳለፉት ግን የጎደለ መስመር አለ ማለት ነው፤ ያንን ሳያገኙ ምዘናውን አይጀምሩ። ከምዘናው በኋላም ወረቀቶቹን ወደ መዝገብ ቤት ከመላክዎ በፊት በየመስመሩ ስንት ሠልጣኝ እንዳላሟላ ይቁጠሩ። አንድ ሠልጣኝ ኮመኑን ቢስት የእሱ ልምምድ ጉዳይ ነው። የክፍሉ እኩሌታ ሜገሩን ስዊቾቹን ሳያዟዙር ከለካ ግን በልምምድ ጊዜ ማንም እያዟዟረ ለክቶ አላሳያቸውም፤ ወይም ሜገሩ አንድ ብቻ ስለሆነ በእጃቸው አልደረሰም። በሚቀጥለው ሳምንት የልምምድ መርሐ ግብር ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ያ መስመር ነው።